የምትዘፍነዋን ዳክዬ ገልብጡና እዩ

ትናንት ድሬ ገበያ ለልጄ የምትዘፍን የፕላስቲክ ዳክዬ ገዛሁ። ቤት ስገለብጣት የባትሪዋ ክዳን ብሎን የለውም፤ በጥፍሬ ተከፈተ። ውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ዘፈኑ ሲደክም «ባትሪው አልቋል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ያለቀ የሚመስለውም ልጅ ውጦት የምግብ ቧንቧው ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። ልጁ ላያለቅስ ይችላል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ምግብ እምቢ ይላል።

ባትሪ እንደዋጠ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ቶሎ ሆስፒታል ወስዳችሁ ራጅ አስነሱት። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት። ማር ፍለጋ ግን አትዘግዩ። ዳክዬዋን ብሎን እስካገኝላት ቁም ሳጥን ላይ ሰቅያታለሁ።