ለሶላር መብራት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ስትጽፉ

ማስታወቂያውን በዕቃው አትጀምሩ፤ በጨለማው ጀምሩ። ማታ ነው። ልጅቷ የቤት ሥራ ትሠራለች፤ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። ድንገት ድርግም! ድምፁም አብሮ ይቆማል። ከጎረቤት «ኧረ ሄደ!» ይሰማል። ለዚህ 5 ሰከንድ ይበቃል። መብራት የሚጠፋበት ቤት ሁሉ ራሱን ያያል።

ቀጥሎ እናት በጨለማ ሻማ ስትፈልግ፣ 4 ሰከንድ። ከዚያ ልጅቷ የሶላሩን ቁልፍ ትጫናለች። እዚህ 10 ሰከንድ ቆዩ፤ ተራኪውም ዝም ይበል። ደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከተነበበ ብርሃኑ ራሱ ይናገራል።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልኩ ጨለማውን በራሱ ያደምቀዋል፤ መብራቱ ሲበራ ደግሞ ምስሉ ነጭ ይሆናል። ቀድማችሁ መብራቱን አብርታችሁ ስክሪኑ ላይ ደብተሩን ተጭናችሁ ያዙ፤ ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ አጥፍታችሁ ቀረጻ ጀምሩ።

ቀጣዩ 6 ሰከንድ ቀን ነው፤ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ተራኪው «ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ማታ ለ6 ሰዓት ያህል ያበራል» ይላል። «ለ» እና «ያህል» አይቅሩ። «ማታ 6 ሰዓት ያበራል» ካላችሁ እኩለ ሌሊት ላይ የሚበራ ይመስላል። ቁጥሩን ከካርቶኑ አትገልብጡ። ካርቶኑ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ በደብዛዛው ብርሃን የተለካ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሞልታችሁ፣ ደብተር በሚያስነብበው ብርሃን ራሳችሁ ለኩት።

የመጨረሻው 5 ሰከንድ ለዋጋውና ለስልክ ቁጥሩ ነው፤ በጽሑፍም በድምፅም።