በቀን አቆጣጠር ልዩነት የቆመው ሰነዴ እንዴት እንደተፈታ

ከደብረ ብርሃን ሆኜ ለካናዳ የፋርማሲ ፈተና ቦርድ የሰነድ ግምገማ ባመለከትሁ ጊዜ ፋይሌ ቆመ፤ ከምረቃ በኋላ ያለ ፈቃድ ያሳለፍኋቸውን ስምንት ዓመታት እንዳስረዳ ተጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ክፍተት አልነበረኝም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ትራንስክሪፕት የምረቃዬን ቀን «02/11/2007» ብሎ ዓ.ም. መሆኑን አለመግለጹን አየሁ፤ 11ኛው ወር ሐምሌ ነው፣ ባዕድ አንባቢ ግን ኖቬምበር ይለዋል። የሙያ ፈቃዴ ደግሞ በፈረንጆች ኦክቶበር 2015 ይላል።

በመጀመሪያ ማብራሪያ ራሴ ጽፌ ላክሁ፤ ማስረጃው ከተቋሙ በቀጥታ መድረስ ስላለበት አልጠቀመም። ትርጉም ቤትም ሄድሁ፤ ወረቀቱ ቀድሞውኑ እንግሊዝኛ ስለሆነ ያንኑ ቁጥር ገልብጠው ማኅተም መቱበት።

መፍትሔ የሆነው የሬጅስትራር ደብዳቤ ነው፤ ሐምሌ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ማለት ጁላይ 9 ቀን 2015 መሆኑን ገልጾ፣ ስሜን እስከ አያት በፓስፖርቴ ፊደል አጻጻፍ ጠቅሶ፣ ከአዲስ ትራንስክሪፕት ጋር በታሸገና መዝጊያው ላይ ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ሬጅስትራሩ ራሱ ላከው። ስምንቱ ዓመት ሦስት ወር ሆነ፤ ለመመዘኛ ፈተናው ለመመዝገብም በቃሁ። ደብዳቤ ስታስጽፉ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ በጅምላ ስምንት ከመደመር ሙሉውን ቀን አስለውጡ።