በዘመድ እጅ ያለ ወፍጮ ቤትን ከውጭ አገር እንዴት መምራት ይቻላል?

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ወፍጮ ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው። ሥራውን የሚመራልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከጀመርን ሰባት ዓመት አልፎናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ልንለያይ የደረስንባቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው በእኔ መንገድ ሄዶ ከወንድሙ እንዳይቀያየም ነው።

መጀመሪያ ውክልናውን ጨርሱ። ፊርማችሁን ባላችሁበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አረጋግጣችሁ ትልኩታላችሁ፤ አገር ቤት ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ያዩታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደሚለው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን በግልጽ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ንግድ ፈቃድ ማሳደስን፣ ግብር መክፈልን፣ ሠራተኛ መቅጠርን በስም ዘርዝሩ። በየቅጹ የሚገባውን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለውን ሐረግ አስወጡት። ይህ ዘመዳችሁን መጠርጠር አይደለም፤ አበዳሪም ሆነ ደላላ በዚያ ወረቀት እንዳያስጨንቀው መከላከያ ይሆነዋል።

ሁለተኛ፣ ደመወዝ ቁረጡለት። እኔ «ወንድሜ ነው፣ ሁሉም የእርሱ አይደለም እንዴ?» ብዬ ተውኩት። ውጤቱ ከመሳቢያው ለቤት አስቤዛ መውሰድ ሆነ። ከዚያ እናታችን ታመመች። የሕክምናውን ወጪ ከወፍጮው ገቢ ከፈለ፤ እኔን ላለማስጨነቅ ብሎም አልነገረኝም። ገቢው ሲቀንስ እኔ ሌባ አልኩት። በሽማግሌ ታረቅን፤ ቃሌን ግን መልሼ ልውጠው አልቻልኩም። አሁን ደመወዙን በወሩ መጀመሪያ ይወስዳል፣ የእናታችንን ወጪ ደግሞ እኔ ለብቻው በሌላ የባንክ ሒሳብ እልካለሁ። የወፍጮው ሒሳብ ለወፍጮው ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ የዕለት ሒሳብ ነው። ወፍጮ ቤት ደረሰኝ የሚጠይቅ አስፈጪ ብዙ የለውም፤ ሃያ ኪሎ ጤፍ አምጥቶ፣ ከፍሎ፣ ዱቄቱን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ካሜራ አስገጠምኩ። ገንዘቡ ባከነ፤ በሁለተኛው ወር ዱቄቱ መስታወቱን ሸፈነው፣ ወንድሜም ቅር ብሎት ከረመ። የጠቀመኝ ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ነው። በየማታው ሲዘጋ ሁለት ነገር ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ የቆጣሪውን ንባብና የቀኑ ኪሎ የተጻፈበትን የደብተር ገጽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የትናንቱን ንባብ ከዛሬው ቀንሱ፤ የተገኘውን ለተፈጨው ኩንታል አካፍሉ። በእኛ ወፍጮ የአንድ ወር አማካይ ስናወጣ ለአንድ ኩንታል ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሆነ፤ ዘጠና ከቆጠረ አሥራ አምስት ኩንታል ተፈጭቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለእናንተ አይሠራም፤ ሞተሩ፣ እህሉና የዱቄቱ ልመት ይለውጡታል። ዘመዳችሁ እያወቀ፣ አብራችሁ ለአንድ ወር ለኩና የራሳችሁን አውጡ።

አንድ ሳምንት ቆጣሪው በቀን ዘጠና እየቆጠረ ደብተሩ አሥራ አንድ ኩንታል ይል ጀመር። ለአንድ ኩንታል ከስምንት በላይ መሆኑ ነው። በድሮው ልቤ ቢሆን አራት ኩንታል ተሰረቀ እል ነበር። አሁን ግን «ድንጋዩ ከተወቀረ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቆይቶ ነበር። የደነዘዘ ድንጋይ እህሉን ከመቁረጥ ይልቅ ያሻሸዋል፤ መብራት ይበላል፣ ዱቄቱም ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ሴቶቹ ዱቄቱ አቃጠለን ማለት ጀምረው እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። ድንጋዩ በተወቀረ ማግስት ቁጥሩ ወደ ስድስት ተመለሰ።

ስለዚህ ቁጥሩ ሲዛባ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ የእህሉን ዓይነት፣ ከዚያ ሚዛኑን፣ በመጨረሻ ሰውን። የቀን ልዩነትም አትቁጠሩ፤ በሳምንት ድምር ብቻ ተነጋገሩ። በየማታው የሚጠየቅ ሰው ይሰለቻል፣ ከዚያም ደብተሩን ለቆጣሪው እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ይጀምራል።

ለእረፍት ስትሄዱ ሚዛኑን ፈትሹ። እኔ በሌላ ሚዛን የተመዘነ አንድ ኩንታል ስንዴ ይዤ እገባለሁ፤ ጆንያውን በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው ወንድሜ ይዘን ሚዛኑ ላይ እናወጣዋለን፣ ንባቡንም እርሱ ራሱ በደብተሩ ይጽፈዋል።