በተዘጋ በር የተከፈለ የመብራት ሂሳብ፦ ይመለስ ወይስ ይቀናነስ?

እህቴ ለገጣፎ ያለውን ቤቷን የምታከራየው ሜሪላንድ ሆና ነው። ተከራዩ ከወጣ በኋላ ቤቱ ሦስት ወር ተዘግቶ ከረመ። ጠባቂው የሚመጡት ማታ ማታ፣ የቆጣሪ አንባቢው ደግሞ የሚመጣው ቀን ቀን ስለሆነ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ። በሩ ሲዘጋበት አንባቢው ባለፉት ወራት ፍጆታ ተመርቶ በግምት ይሞላል። እህቴም መብራቱ እንዳይቆረጥባት እየፈራች የመጣውን ሁሉ በስልኳ ከፈለች። ባዶ ቤት ሰው እንዳለበት ቤት መብራት መብላቱ አላስገረማትም፤ እኔንም አላስገረመኝም ነበር፣ ቆጣሪውን ሄጄ እስካየው ድረስ።

የመጨረሻው እውነተኛ ንባብ 6,120 ነበር። በየወሩ 240 ኪሎ ዋት ሰዓት እየተገመተ ሲጨመርበት ሂሳቡ 6,840 ላይ ደርሷል። ቆጣሪው ላይ የቆመው ቁጥር ግን 6,210 ነው። የጠባቂው አምፖልና ሬዲዮ በሦስት ወር የበሉት 90 ብቻ ሲሆን፣ 630 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለአግባብ ተከፍሎበታል ማለት ነው። እርስዎም ይህን ማጣራት ከፈለጉ ቤተሰብ የቆጣሪውን ፎቶግራፍ ቀኑ እንዲታወቅ አድርጎ ያንሳልዎትና በሂሳቡ ላይ ካለው የአሁን ንባብ ጋር ያስተያዩት። ከነጥብ በኋላ ያለውን አሃዝ አይቁጠሩ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተዉት፣ ቆጣሪው ራሱ ይደርስበታል» ይላል። እውነት ነው፣ ቁጥሩ 6,840 እስኪደርስ አዲስ የሚከፈል ፍጆታ ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የመብራት ዋጋ በፍጆታ መጠን ከፍ እያለ የሚሄድ ነው፤ በወር 30 የሚፈጅ ቤት የሚከፍለው የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 240 ከሚፈጀው ያነሰ ነው። ስለዚህ እህቴ በውድ ዋጋ የገዛችውን መብራት በርካሽ ሊሰላላት በሚገባ ጊዜ ልትጨርሰው ነው። በአካባቢው የአገልግሎት ማዕከል ማመልከቻ ሲገባ መጠየቅ ያለበት ሦስቱ ወራት እያንዳንዳቸው በ30 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደገና ተሰልተው ልዩነቱ በብር እንዲታወቅ ነው። «ንባቡ ይስተካከልልኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም።

ብሩ ከታወቀ በኋላ ይመለስ ወይስ ከሚቀጥለው ሂሳብ ይቀናነስ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ትርፉ ስንት ወር ይቆያል የሚለውን ነው። በወር 210 የሚፈጅ ተከራይ ከገባ 630ው በሦስት ወር ያልቃል፤ እንዲቀናነስ መተው ይሻላል። ቤቱ በጠባቂ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ግን ያው 630 ሃያ አንድ ወር ይፈጃል። ወለድ የማያስገኝ ብር ያን ያህል ጊዜ ማስቀመጥ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አይዋጥም።

ተመላሽ መጠየቅም የራሱ ጣጣ አለው። የአገልግሎት ውሉ በማን ስም ነው? ቤት ተገዝቶ የመብራት ውሉ ሳይዛወር የቀረባቸው ሞልተዋል፤ ገንዘቡ ይመለስ ቢባል የሚጠራው የቀድሞው ባለቤት ስም ነው። በእርስዎ ስም ከሆነ ደግሞ ወኪልዎ ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በውክልናው ላይ በግልጽ ተጽፎለት መሆኑን ይመልከቱ። «ቤቱን እንዲያስተዳድር» የሚለው ቃል ገንዘብ ያዥውን ላያሳምነው ይችላል። ለዚህ ብቻ አዲስ ውክልና በኤምባሲ አሠርቶ፣ አዲስ አበባ ልኮ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ማስመዝገብ ከትርፉ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

እህቴ እንዲቀናነስ መረጠች፤ አዲስ ተከራይ ተገኝቶ ነበርና። ነገር ግን ትርፉ የእርሷ ገንዘብ ነው፣ መብራቱን የሚያበራው ተከራዩ ነው። ዝም ከተባለ ሦስት ወር በነጻ ሊያበራ ነው። በኪራይ ውሉ ላይ በገባበት ቀን ቆጣሪው 6,210 እንደነበር ጻፍንና፣ ትርፉ እስኪያልቅ የወሩን ፍጆታ ዋጋ ከኪራዩ ጋር ለእህቴ እንዲከፍል ተስማማን። ሰውየው ፊቱን ትንሽ ቢያጠቁርም ፈረመ።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ወንድምዎ ባንክ ሄዶ የከፈለውን እርስዎም በስልክ ደግመው ከከፈሉ፣ ሁለተኛው ክፍያ በውል ቁጥርዎ ላይ መግባቱን በሚቀጥለው ሂሳብ ያረጋግጡ። አንድ አሃዝ ተሳስቶ የጎረቤት ውል ላይ ገብቶ ከሆነ የሚቀናነስልዎት ነገር የለም። የክፍያውን መለያ ቁጥር ይዞ ቶሎ ማመልከት ነው። ቤቱን ሊሸጡ ካሰቡም ትርፉ ከውሉ ጋር ለገዢው እንዳይተላለፍ፣ ስም ከመዛወሩ በፊት ቀሪው ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ ያውጡና ከሽያጩ ዋጋ ላይ ያስጨምሩት።