ታክሱን አትደምሩ፣ ደራርቡ

ለሽያጭ ዕቃ የምታስመጡ የማርቆስና የባሕር ዳር ነጋዴዎች፣ ቀረጥ 20፣ ቫት 15፣ ሱር ታክስ 10 ብላችሁ 45 በመቶ አትያዙ። አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰላው።

500 ፔርሙዝ ከነማጓጓዣና ኢንሹራንሱ 100,000 ብር ይሁን፤ ቀረጡ 20 በመቶ ነው እንበል። ቀረጥ 20,000። ቫት ከ120,000 ላይ 18,000። ሱር ታክስ ቫቱም ገብቶበት ከ138,000 ላይ 13,800። የ3 በመቶው ሶሻል ዌልፌር ሌቪ 3,000። ከሞጆ ማርቆስ ጭነት 10,200 ቢሆን፣ ጠቅላላው 165,000።

አሁን ለ500 እንዳታካፍሉ! 12ቱ ተሰብረው ከመጡ ለ488 አካፍሉት፤ አንዱ 338 ብር ገደማ ቆመባችሁ።

የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 18,000ውን ከወጪው አውጡት፣ ስትሸጡ ይካካስላችኋል። ሱር ታክሱ ግን አይመለስም። ኤክሳይስ ያለበት ዕቃ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ኤክሳይሱ ከቫት በፊት ይገባል።