አንድ የደም ምርመራ፣ ሦስት ዋጋ፦ ላብራቶሪዎችን እንዴት እናወዳድር?

እናቴ የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራው ስለቀነሰ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ወረቀት ላይ «ቲኤፍቲ» ብሎ ጻፈልን። የምንኖረው አያትን አለፍ ብሎ፣ ወደ ጣፎ መውጫ ነው። ሦስት ላብራቶሪ ደወልኩ። ሰፈራችን ያለው 600 ብር አለኝ፤ መገናኛ ያለው 1,400፤ ጣፎ ያለው 1,600። ቁጥሮቹን ለሂሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ዋጋ እንደሆነ በየጊዜው ይለዋወጣል።

ወደ 600ው ልሮጥ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። ለአንድ ዓይነት ምርመራ ይሄን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል?

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ፍቱት

ቲኤፍቲ የአንድ ምርመራ ስም አይደለም፤ የጥቅል ስም ነው። ውስጡ ቲኤስኤች፣ ፍሪ ቲፎር እና ፍሪ ቲስሪ የሚባሉ የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ ላብራቶሪ ሦስቱንም ያካትታል፣ ሌላው ሁለቱን ብቻ። መልሼ ስደውል የሰፈራችን ላብራቶሪ 600 ያለኝ ለቲኤስኤች ብቻ ነበር። ሦስቱም ሲሆኑ 1,800። ርካሹ በአንድ ጥያቄ ውድ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ «ቲኤፍቲ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ቲኤስኤች፣ ፍሪ ቲፎርና ፍሪ ቲስሪ፣ ለየብቻ ስንት ስንት ናቸው?» በሉ። ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ (የሐኪም ጽሑፍ ነገር ታውቁታላችሁ) ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ሌሎች ጥቅሎችም እንዲሁ ናቸው። የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ሲባል በውስጡ ያሉት ነገሮች ከቦታ ቦታ ይለያያሉ።

2. ደም የሚቀዳው እዚያ ነው፤ የሚመረመረውስ?

ዳር ላይ ያሉ ትንንሽ ላብራቶሪዎች የሆርሞን ማሽን ላይኖራቸው ይችላል። ደሙን ቀድተው ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይልካሉ። የጣፎው እንደዚያ ነበር፤ ውጤቱም በማግስቱ ነው የሚመጣው። ይህ ነውር አይደለም። ሴረሙ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ከሴሎቹ በጊዜ ተለይቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ ቲኤስኤች በአንድ ቀን አይበላሽም።

ለስኳርና ለፖታሲየም ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ደሙ በተራ ቱቦ ሳይለይ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፣ ፖታሲየሙም ከሴሎቹ እየወጣ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እነዚህን የምትመረመሩ ከሆነ «ደሙ ስንት ሰዓት ላይ ይለያል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጡ፣ ትንሽ ቢወደድም እዚያው የሚመረምረው ይሻላል።

ግድግዳ ላይ አይኤስኦ 15189 የሚል የአክሪዲቴሽን ወረቀት ካያችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕውቅናው የሚሰጠው ለተዘረዘሩ ምርመራዎች ነው። የእናንተው ምርመራ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

3. የመንገዱን ሂሳብ ደምሩ

የመገናኛው 1,400 ለሦስቱም ነው። ከዚያ ላይ ካርድ 100 ብር። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ታክሲ ተራ መቆም አትችልም፤ ራይድ ደርሶ መልስ 700 ብር። ድምር 2,200። የሰፈራችን 1,800 እና ካርድ 50 ሲደመር 1,850። ጣፎ ካርድ አያስከፍልም፣ በእግር ቀስ ብለን እንደርሳለን፤ 1,600 ብቻ። አሸናፊው በስልክ ከሁሉም ውድ የነበረው ሆነ!

ውጤቱን በቴሌግራም ይልኩ እንደሆነም ጠይቁ። ካልላኩ የመመለሻው መንገድ ሌላ ወጪ ነው።

4. ለሐኪሙ ደውሉ

ይሄን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። «ዶክተር፣ ሦስቱም ያስፈልጋሉ?» አልኩት። የእናቴ የመድኃኒት መጠን ከተረጋጋ ስለቆየ ለዚህ ክትትል ቲኤስኤች ብቻ ይበቃል አለኝ። ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ለምሳሌ ታይሮይዱ ከመጠን በላይ ለሚሠራ ሰው ሌሎቹም ሊያስፈልጉ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን እንዳትቀንሱ፤ ወሳኙ ሐኪሙ ነው።

አሁን ሂሳቡ እንደገና ተገለበጠ። ሰፈራችን ቲኤስኤች 600፣ ካርድ 50፤ በ650 ብር አለቀ።

5. ከመቀዳታችሁ በፊት

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የታይሮይድ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ያለዚያ ምርመራው ተደግሞ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ፍሪ ቲፎር ካለበት ደግሞ የዕለቱን ኪኒን ከደም መቀዳት በኋላ መዋጥ የተለመደ ነው።

ውጤቱን ስትቀበሉ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያና የጤናማ ወሰን አብራችሁ ፎቶ አንሱ። ፍሪ ቲፎር አንዱ ዘንድ 1.2፣ ሌላው ዘንድ 15.4 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ መለኪያው ተለያየ እንጂ መጠኑ አንድ ነው። ማሽኖችም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። ለዚህ ነው የሚቀጥለውንም ቲኤስኤች፣ ሌላ ቦታ ሃምሳ ብር ቢቀንስልንም፣ እዚያው ሰፈራችን የምናሠራው።