ኃይለኛ አለቃን ከበዳይ አለቃ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜክሲኮ አካባቢ የግል ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ሥራ እሠራለሁ። ሰኔ ሲገባ ሒሳብ ክፍል ይጨናነቃል፤ እኔ ቢሮ በር ላይም ሰው ይበዛል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «አለቃዬ ሊያሳብደኝ ነው!» ከፊሉ እውነቱን ነው። ከፊሉ ግን ጥሩ አለቃ ይዞ ነው የሚያማርረው።

አለቃን በጩኸቱ መመዘን። ይሄ ስህተት አንጀቴን ያሳርረዋል። የጮኸ ሁሉ በዳይ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሁሉ ደግ ይመስለናል። ሁለት ወጣት የሒሳብ ሠራተኞች በአንድ ሰሞን እኔ ጋ መጡ። የአንዷ አለቃ ኮሪደሩ እስኪሰማ ይጮኻሉ። ሪፖርቷን ደጋግመው መልሰውባታል። «ምን ብለው መለሱት?» አልኳት። «የባንክ ማስታረቂያው ላይ ያለው ልዩነት አልተብራራም አሉኝ» አለች። ተብራርቶ ነበር? አልነበረም። የነባሮቹንም ሪፖርት እንዲሁ ይመልሳሉ። ሲያመሽ አብረው ያመሻሉ፣ የትርፍ ሰዓቱን ራሳቸው ፈርመው ይልካሉ። እኚህ ኃይለኛ ናቸው፤ ጩኸታቸውን ቢቀንሱ ደስ ይለኛል፤ በዳይ ግን አይደሉም። የሚጠይቁት ነገር ይታወቃል፣ ሲስተካከል ደግሞ ያልፋል።

የሁለተኛዋ አለቃ ድምፃቸው አይሰማም። «ልጄ» ነው የሚሏት። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በቃል ሥራ ያዟታል፤ ጠዋት ስታቀርብ «እኔ መቼ አልኩሽ?» ይላሉ። ስብሰባ ላይ «እሷ እንኳን ለሒሳብ ለሻይ ቤትም አትሆንም» ብለው ያስቁባታል። ካዝና ላይ ጉድለት ሲገኝ ሳትጠየቅ፣ ሳትፈርም ከደመወዟ ተቆረጠ። ይህች ልጅ ግን የመጣችው ራሷን ልትወቅስ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ይሆናል» እያለች።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ነቀፌታው ሥራው ላይ ነው ወይስ አንቺ ላይ? ሕጉ ለሌሎቹም ነው ወይስ ላንቺ ብቻ? ብታስተካክዪው ያበቃል? መልስ ብትሰጪ ምን ይደርስብሻል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይለየዋል። ኃይለኛው አለቃ ይከራከርሻል፤ በዳዩ ይበቀልሻል።

ማስረጃ ሳይዙ ማማረር። «ሁልጊዜ ይሰድበኛል» ብሎ ለሥራ አስኪያጅ ማመልከት አያዋጣም። ቀኑ፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደሰማ፤ ያን ዕለቱን ይጻፉት። ለልጅቷ አንድ ነገር ጨመርኩላት፦ በቃል ስትታዘዝ ወዲያው «ዛሬ 11 ሰዓት ላይ እንዳዘዙኝ ይህን ለነገ ጠዋት አዘጋጃለሁ» ብላ ኢሜይል እንድትልክ። «እኔ መቼ አልኩሽ» ቆመ። ስብሰባ ላይ ማሸማቀቁ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰ። ያኔ ነው ጉዳዩ የሥራ ጥራት እንዳልነበረ ለእሷም የገባት። የተቆረጠው ገንዘብ ተመለሰላት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ አይቆርጥም። በተፈቀደ ጊዜም ከወር ደመወዝ ሲሶ አያልፍም። አለቃው ግን ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሷ ለቃለች።

ደብዳቤ አልቀበልም ማለት። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አለቃ ሁሉ ጠላት አይደለም። የተጻፈ ነገር መልስ ይሰጥበታል፤ በቃል «ትባረራለህ» የሚል ሰው ነው የሚያስፈራው። ተቀበሉና «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብላችሁ ፈርሙ፤ ቅጂውን ያዙ። ሁሉም እየዘገየ ደብዳቤው ላንተ ብቻ ከመጣ ግን ሌላ ነገር አለ።

ወሲባዊ ትንኮሳና ዱላ እዚህ ሚዛን ላይ አይወጡም፤ ኃይለኛነት ሊባሉ አይችሉም።

በንዴት ጥሎ መውጣት። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ነገር ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይህ መብት ይቀራል። «በዓሉ ይለፍና» እያሉ ቆይተው የመጡ ስንቶቹን አይቻለሁ! ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ሳይሰጡ ቢሮ መቅረት ለአሠሪው «ከሥራ ቀረ» የሚል መከራከሪያ መስጠት ነው። ቀኑ ካለፈባችሁ ወይም ማስረጃችሁ ከሳሳ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ አለ፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጉ። ይህ አዋጅ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሥራ መሪዎች አይሠራም፤ እነሱ የሚገዙበት ሕግ ሌላ ነው።